ደመወዝ በኢሜይል ሲጠየቅ፦ «ከ… እስከ…» ወይስ አንድ ቁጥር?

እህቴ ደሴ ነው የምትኖረው። ኮምቦልቻ የሒሳብ ሥራ አግኝታ 20,000 ብር ጥቅል ደመወዝ አቀረቡላት። የመልሱን ኢሜይል በሁለት መንገድ ጻፍነው።

የመጀመሪያው «ከ22 እስከ 25 ሺህ ቢሆንልኝ» ይላል። ጨዋ ይመስላል። ግን ቀጣሪው የሚያየው 22ቱን ብቻ ነው፤ ድርድሩም ከዚያ ወደ ታች ይጀምራል።

ሁለተኛው፦ «ስለ ዕድሉ አመሰግናለሁ። ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ለተመሳሳይ መደብና ልምድ የወጡ ሦስት ማስታወቂያዎች ከ23 እስከ 25 ሺህ ስለሚከፍሉ 24,000 እንዲሆንልኝ እጠይቃለሁ። በጀቱ ካልፈቀደ በትራንስፖርት አበል ወይም ከሙከራ ጊዜ በኋላ በሚደረግ ጭማሪ መነጋገር እንችላለን።»

እኔ ይሄኛውን ነው የምመርጠው። በር ይከፍታል፣ ግን ዝቅተኛ ቁጥር አይሰጣቸውም። ማስታወቂያዎቹ ግን የእውነት መኖር አለባቸው፤ አሳዪን ካሉ ማሳየት ነው።

አበሉንም አትናቁት። በዚህ የደመወዝ እርከን ከምትጨመር ከእያንዳንዷ 1,000 ብር ላይ 350 ለግብር፣ 70 ለጡረታ ሄዶ እጅ የሚገባው 580 ነው፤ የትራንስፖርት አበል ግን ሕጉ እስከፈቀደው ጣሪያ ድረስ ግብር አይነካውም። በየቀኑ ደሴ ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደመወዙ በደረጃ የታሰረ ስለሆነ ሁለቱም አይሠሩም።