ነፃ ቪፒኤን በካፌ ዋይፋይ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ሥራዬ በአብዛኛው ከቤት ውጭ ነው። ካፌ፣ የሆቴል ሎቢ፣ አንዳንዴም ኤርፖርት ቁጭ ብዬ ፋይል እልካለሁ፣ ኢሜይል እመልሳለሁ። ስለዚህ ከግማሽ ዓመት በላይ ለሚሆን ጊዜ አንድሮይድ ስልኬ ላይ ቪፒኤን እየተጠቀምኩ ነው። የመረጥኩት የፕሮቶን ቪፒኤንን ነፃ አገልግሎት ነው። በዚህ ጽሑፍ ምን እንደጠቀመኝ፣ የት ላይ እንደማይረዳኝ እና ነፃ ቪፒኤን ሲባል ለምን ደጋግሜ እንደምጠራጠር እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ካፌው ውስጥ ማን ምን እንደሚያይ እንይ። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽና አፕ የሚላላከው ተመስጥሮ ነው። አድራሻው ላይ https የሚለው ይህንን ነው የሚነግረን። የታሸገ ፖስታ በሉት። ፖስተኛው ፖስታውን አይከፍትም፣ ከላይ የተጻፈውን ግን ያነባል። የዋይፋዩ ባለቤትም ፓስወርዳችሁን ወይም የጻፋችሁትን መልእክት አያይም። የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈታችሁ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ዳታ እንዳወረዳችሁ ግን ያያል። የባንክ አፕ መክፈታችሁን፣ ስለ አንድ በሽታ የሚያወራ ድረ ገጽ መጎብኘታችሁን ያውቃል። አንድ ሰው በካፌው ስም ሐሰተኛ ዋይፋይ ቢከፍትና ስልካችሁ በስሙ ተታሎ ቢገናኝ፣ ያም ሰው ይህንኑ ያያል። በዚያ ላይ ወዳልፈለጋችሁት ገጽ ሊወስዳችሁ ይሞክራል።

ቪፒኤን ሲበራ ስልካችሁ የሚልከው ነገር ሁሉ እንደገና ተመስጥሮ ወደ አንድ ሰርቨር ብቻ ይሄዳል። ካፌው የሚያየው ያንን ሰርቨር እና የዳታውን መጠን ብቻ ነው። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ካፌው ያጣውን መረጃ የቪፒኤኑ ድርጅት ያገኘዋል። የሚያይ ዐይን አልጠፋም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። ካፌው የሚያያችሁ ለአንድ ሰዓት ነው። ቪፒኤኑ ግን ቤትም፣ ሥራ ቦታም፣ መንገድ ላይም አብሯችሁ ነው። ስለዚህ ከፍጥነትና ከአገር ብዛት በፊት መጠየቅ ያለበት የዚህን ድርጅት ወጪ ማን ይሸፍናል የሚለው ነው። ሰርቨር ኪራይ አለው፣ የሚያልፍበት ዳታ ይከፈልበታል፣ ሠራተኛ ደመወዝ ይፈልጋል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በነፃ ሲጠቀም ገንዘቡ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት።

ኦናቮ ፕሮቴክት የሚባለው አፕ ይህንን በደንብ ያሳያል። ኦናቮ የእስራኤል ኩባንያ ነበር። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ገዛው። አፑ በነፃ ይሰጥ የነበረ ቪፒኤን ሲሆን፣ ለሰው የሚቀርበው መረጃን ይጠብቃል ተብሎ ነበር። ከጀርባ ግን የተጠቃሚው ትራፊክ፣ ማለትም ከስልኩ የሚወጣውና የሚገባው ዳታ በሙሉ፣ በኦናቮ ሰርቨሮች በኩል ያልፍ ስለነበር፣ ፌስቡክ ሰዎች ምን አፕ እንደሚከፍቱ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፍቱትና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩበት ማወቅ ቻለ። ልብ በሉ፣ ለዚህ የማንንም መልእክት መክፈት አላስፈለገውም። የፖስታው አድራሻ ብቻ በቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ የፌስቡክን የውስጥ ሰነዶች ሲያወጣ፣ ከኦናቮ በተገኘ መረጃ የተሠሩ ሰንጠረዦች ተገኙባቸው። የተፎካካሪ አፖችን አጠቃቀም የሚያወዳድሩ ነበሩ፤ ዋትስአፕም ከነሱ አንዱ ነበር። ፌስቡክ ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገዛ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ነው። ስልኩን ለመጠበቅ ብሎ ነፃ አፕ የጫነው ሰው ለአንድ ግዙፍ ኩባንያ የገበያ ጥናት እየሠራ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው መዘዝም ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 አፕል ደንቤን ይጥሳል በማለቱ አፑ ከአፕል መደብር ወጣ። በ2019 ፌስቡክ ራሱ ከጎግል ፕሌይ አነሳው። በሐምሌ 2023 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለት የፌስቡክ እህት ኩባንያዎች በድምሩ 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍሉ ወሰነ። ጥፋቱ የመረጃ አሰባሰቡን አፑ የሚወርድበት ገጽ ላይ በግልጽ አለመናገራቸው ነው። እኔን በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው። መረጃ እንደሚሰበሰብ የሚገልጸው ነገር ረጅሙ የአጠቃቀም ውል ውስጥ ነበር። ማውረጃው ገጽ ላይ ደግሞ ጥበቃ የሚለው ጎልቶ ይታያል። «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭኖ የሚያልፍ ሰው መቼ ያየዋል?

የኦናቮ ጉዳይ ብቻውን የቆመ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውስትራሊያው የምርምር ተቋም ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው 283 የአንድሮይድ ቪፒኤን አፖችን መረመሩ። ከመቶ 75ቱ ተጠቃሚን የሚከታተል የሌላ ድርጅት ኮድ ነበረባቸው። ከመቶ 18ቱ ደግሞ ትራፊኩን ጭራሽ አይመሰጥሩም ነበር። ቁልፍ የሚመስል ምልክት ከስክሪኑ አናት ላይ ይታያል፣ ሥራው ግን የለም።

እኛ አገር ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ እና ዩቲዩብ ሲገደቡ ብዙ ሰው ፕሌይ ስቶር ላይ ከላይ የመጣውን ነፃ ቪፒኤን ጫነ። አንዱ አላስገባ ሲል ሌላ ይጨመራል። የኤፒኬ ፋይልም በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ገደቡ ተነሳ፣ አፖቹ ግን ብዙ ስልክ ላይ እንደተጫኑ ቀሩ።

ፕሮቶንን የመረጥኩት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ስለሚታወቅ ነው። መቀመጫው ስዊዘርላንድ ነው። የነፃውን ተጠቃሚ ወጪ የሚሸፍኑት የሚከፍሉት ደንበኞች ናቸው። ነፃውን የሚሰጠውም ወደፊት ትከፍሉ ይሆናል ብሎ ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ የዳታ ገደብም የለውም። የአፖቹ ኮድ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው፣ የውጭ ኦዲተርም መርምሮታል። እንዲህም ሆኖ እምነት ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ አላየሁም። ግን ውሸት ከተገኘበት የሚከፍሉትን ደንበኞቹን ያጣል፣ የሚኖረውም በነሱ ነው። ስሙ በማይታወቅ ነፃ አፕ ላይ ይህ ዋስትና የለም። ዛሬ ቢጋለጥ ነገ በሌላ ስም ይመለሳል።

ነፃው አገልግሎት ገደብ አለው። በአንድ ጊዜ አንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ይሠራል። አገር መምረጥ አይቻልም፣ አፑ ራሱ ይመርጥላችኋል። ለእኔ ዓላማ ይህ ምንም አይደለም፣ የምፈልገው ካፌው እንዳያየኝ ነው እንጂ ከሌላ አገር መምሰል አይደለም።

የዕለት ተዕለት አጠቃቀሙ ላይ በጣም የሚያስቸግረው የመግቢያ ገጽ ያላቸው ዋይፋዮች ናቸው። ሆቴልና ኤርፖርት ላይ ስልክ ቁጥር አስገቡ ወይም ተስማሙ የሚል ገጽ ይመጣል። ቪፒኤኑ በርቶ ከሆነ ገጹ አይከፈትም፣ ኢንተርኔትም የለም። ሰው እዚህ ጋ ነው ተናዶ ቪፒኤኑን አጥፍቶ የሚረሳው። የእኔ አካሄድ እንዲህ ነው። ቪፒኤኑን አጠፋለሁ። ብሮውዘር ከፍቼ neverssl.com ብዬ እጽፋለሁ፣ ይሄ ያልተመሰጠረ ገጽ ስለሆነ የመግቢያውን ገጽ ይጎትተዋል። ከገባሁ በኋላ ሌላ ምንም ሳልከፍት ቪፒኤኑን አበራለሁ። እዚያ ገጽ ላይ የኢሜይል ፓስወርድ ከተጠየቅኩ ግንኙነቱን አቋርጬ በራሴ ዳታ እሠራለሁ።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ዋይፋዩ ቪፒኤን አያሳልፍም። «በመገናኘት ላይ» እያለ ይሽከረከራል። ያኔ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ፕሮቶኮሉን፣ ማለትም ቪፒኤኑ የሚገናኝበትን ዘዴ፣ Stealth ወደሚለው እቀይራለሁ። ይሄኛው ተራ የድረ ገጽ ትራፊክ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ያልፋል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ኢንተርኔቱ ራሱ ከተቋረጠ ደግሞ የትኛውም ቪፒኤን አይረዳም፣ የሚያልፍበት መስመር የለውምና።

ፍጥነት ይቀንሳል። ሰርቨሩ ያለው ባሕር ማዶ ስለሆነ ዳታው ሄዶ መመለስ አለበት። ጽሑፍና ኢሜይል ላይ አይታወቅም። የድምፅ ጥሪ ላይ ግን መዘግየቱ ይሰማል። የአገር ውስጥ የባንክ አፖችም ግንኙነቱ ከውጭ አገር የመጣ ሲመስላቸው አንዳንዴ አይከፍቱም። ለባንክ ዋይፋዩንም ቪፒኤኑንም አጥፍቼ የሞባይል ዳታ እጠቀማለሁ። የባንኩ አፕ የራሱ ምስጠራ አለው፣ ካፌውም መሃል የለም። ቪፒኤን ደግሞ ከአጭበርባሪ ሊንክ አያድንም። በሐሰተኛ የባንክ ገጽ ላይ ፓስወርድ ካስገባችሁ ቪፒኤኑ ፓስወርዱን በጥንቃቄ አመስጥሮ ለሌባው ያደርሰዋል።

ማንኛውም ቪፒኤን እየሠራ መሆኑን የምፈትሽበት መንገድ አለ። ካፌው ዋይፋይ ላይ ሆኜ ቪፒኤኑን አብርቼ dnsleaktest.com እከፍታለሁ። Extended test የሚለውን እጫናለሁ። የሚመጡት ስሞች የቪፒኤኑ ሰርቨሮች ወይም የውጭ ድርጅት ከሆኑ ጥሩ ነው። የካፌው ኢንተርኔት አቅራቢ ስም፣ ለምሳሌ ኢትዮ ቴሌኮም ከመጣ ግን የምትከፍቱት ድረ ገጽ ስም እያፈተለከ ነው። ቪፒኤኑ በመሃል ሲቋረጥ ስልኩ ወደ ተራው መስመር እንዳይመለስም የአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ VPN በሚለው ስር Always-on VPN እና Block connections without VPN የሚሉትን አብሩ። የመግቢያ ገጽ ሲያጋጥማችሁ ግን እነዚህን ለጊዜው ማጥፋት ይኖርባችኋል።

የቆዩትን ቪፒኤኖች ለማጽዳት አፑን ከማጥፋት በተጨማሪ ሁለት ቦታ እዩ። አንዱ እዚያው VPN የሚለው ዝርዝር ነው፣ የቀረ ስም ካለ ሰርዙት። ሌላው Trusted credentials ውስጥ ያለው User የሚለው ክፍል ነው፣ ከውጭ ተጨምረው ስልኩ የሚያምናቸው ዲጂታል ሰርተፍኬቶች የሚቀመጡበት። የመሥሪያ ቤት ስልክ ካልሆነ በቀር ባዶ መሆን አለበት። ለምን እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ። ፌስቡክ «ፌስቡክ ሪሰርች» የሚባል ሌላ አፕ ነበረው። ለሚጭኑት ሰዎች፣ ከ13 ዓመት ታዳጊዎች ጀምሮ፣ በወር እስከ 20 ዶላር ይከፍል እንደነበር እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ተጋልጧል። ያ አፕ ስልኩ ላይ የራሱን ሰርተፍኬት ያስጭን ነበር። እንዲህ ያለ ሰርተፍኬት ካለ አድራሻውን ከማንበብ አልፎ ፖስታውን መክፈት ይቻላል። ቪፒኤን ሆኖ ሰርተፍኬት ጫኑ የሚል አፕ ካጋጠማችሁ እዚያው አቁሙና አጥፉት።

ወደ ሚከፈልበት ልለፍ ወይ ብዬ አስቤያለሁ። እስከ 10 መሣሪያ ይፈቅዳል፣ አገርም ያስመርጣል። ከኢትዮጵያ ሆኖ በካርድ ለመክፈል ግን በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ በእጄ የለም። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁና ቤተሰቡ በሙሉ በላፕቶፕም በስልክም የሕዝብ ዋይፋይ የምትጠቀሙ ከሆነ የሚያዋጣ ይመስለኛል። ለአንድ ሰው ስልክ፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለካፌ ዋይፋይ፣ ነፃው ይበቃል። እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።