ለድንጋይ ባለሙያው ምስጋና፣ የእጅ መታጠቢያ ካውንተር ለምትመርጡም ጥቆማ

እኚህን ሰው ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ሥራዬ የቤት ፊኒሺንግ መከታተል ስለሆነ ብዙ ድንጋይ ቆራጭ አይቻለሁ፤ ድንጋዩን ከመንካቱ በፊት ምን እንደነካው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እሳቸው ከጥቂቶቹ አንዱ ናቸው። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እጅዎ ይባረክ።

ነገሩ የአንድ ደንበኛ ነጭ እብነበረድ ካውንተር ነው፤ ሳህኑ ከስር የተገጠመ። የፈሳሽ ሳሙናው ጠርሙስ አጠገብ የደበዘዙ ክቦች ወጡበት፣ የመላጫ አረፋው ቆርቆሮ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ብርቱካናማ ቀለበት ቀረ፣ የሳህኑ ዙሪያ ደግሞ ቅባት እንደጠጣ ጠቆረ። መጀመሪያ የመጡት «ሲለሩ አልቋል» ብለው፣ ድንጋይ ፈሳሽ እንዳይጠጣ የሚቀባውን ሲለር በእድፉ ላይ ቀቡበት። እድፉ ውስጡ ተቆለፈበት ማለት ነው። ሁለተኞቹ የሽንት ቤት ማጽጃ አፍስሰው ፈተጉት፤ አሲድ ነውና በሳንቲም ልክ የነበረው ድብዛዜ መዳፍ አከለ። ሦስተኞቹማ አይተው እንኳን ሳይጨርሱ «ይነሳ፣ አዲስ ይሠራ» አሉ። ገንዘቡ ግን ለሁሉም ተከፍሏል። ስማቸውን ማንሳት አልፈልግም፤ ቢሆንም ያናድዳል።

እኚህ ባለሙያ መብራቱን አስጠፉና የስልካቸውን ባትሪ ከድንጋዩ ጋር አጋድመው አበሩ። ብርሃኑ በጎን ሲመጣ ክቦቹ ላይ አንጸባራቂነቱ ይቋረጣል፤ በቀለበቱና በሳህኑ ዙሪያ ግን አይቋረጥም፣ ቀለሙ ብቻ ነው የተለወጠው። ከዚያ በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት፤ ክቦቹ ይሻክራሉ። «ይሄ እድፍ አይደለም፣ ተበልቷል። ያኛው ግን ጠጥቷል» አሉ። ሙሉ ሥራው ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው። እብነበረድ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ሎሚ፣ አቼቶ፣ አንዳንድ የፊት ቅባትና የሽንት ቤት ማጽጃ ገጹን ይበሉታል። የተበላ ድንጋይ በማጠብ አይመለስም። ሲለርም አይከላከልለትም፤ ሲለር የሚያዘገየው ወደ ውስጥ የሚሰርገውን ፈሳሽ እንጂ ከላይ የሚበላውን አሲድ አይደለም። ይህን የማይነግራችሁ ሻጭ ብዙ ነው።

ክቦቹን በውሃ እያራሱ በዳይመንድ ፓድ ወለወሉ፤ ከሻካራው 400 ቁጥር ጀምረው ወደ ለስላሳው 800፣ 1500፣ 3000 እያሉ፣ በመጨረሻም በእብነበረድ ፖሊሽ ዱቄት። ክቡን ብቻ ሳይሆን ከሳህኑ እስከ ግድግዳው ያለውን በሙሉ ነው የሠሩት፤ ክቡ ብቻ ቢወለወል በጎን ብርሃን ሌላ ጠቃጠቆ ሆኖ ይታያል።

የሳህኑ ዙሪያ የጠቆረው ከሲሊኮኑ ነበር። ለድንጋይ ያልተሠራ ሲሊኮን ዘይቱ ወደ እብነበረዱ ይሰርጋል፤ ሲደርቅ የአቼቶ ሽታ ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሚለቀው አሲድ ስለሆነ ጠርዙንም ይበላል። አሮጌውን በምላጭ አነሱ፤ ቤኪንግ ሶዳ በአሴቶን ለውሰው እንደ ወፍራም ሊጥ በግማሽ ሴንቲ ውፍረት ለጠፉበት፣ በላስቲክ ሸፍነው ለ24 ሰዓት ተዉት። መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት ርቆ። ከዚያ ላስቲኩ ተነስቶ ሊጡ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ዘይቱን ከድንጋዩ ስቦ የሚያወጣው መድረቁ ነው። በሁለተኛው ጊዜ በደንብ ነጣ። ሲገጠም ማንም ያልነካውን፣ የሳህኑ ቀዳዳ የተቆረጠበትን ጥሬ ጠርዝ ሲለር አጠጡትና ሽታ በሌለው፣ ለድንጋይ በተሠራ ኒውትራል ሲሊኮን ዘጉት።

የዝገቱን ቀለበት ግን «ይቀንሳል፣ አይጠፋም» ብለው ቀድመው ነገሩን። እንዳሉትም ሆነ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ስንቱን ከክርክር ያድናል!

ለእኔ ከሁሉም የበለጠብኝ ግን ሌላ ነው። ቤቱ የልጆችም መታጠቢያ ነበረውና ደንበኛው እዚያም እብነበረድ ሊያሠራ ነበር። ባለሙያው እሺ ብለው መቁረጥ ይችሉ ነበር፤ ሥራቸው ነው። እሳቸው ግን አራት ቁራጭ አመጡ፦ እብነበረድ፣ ሲለር ያልነካው ፈዛዛ ግራናይት፣ ኳርትዝና ሶሊድ ሰርፌስ። በእያንዳንዱ ላይ የሎሚ ቁራጭ፣ የዘይት ጠብታና የፀጉር ቀለም አድርገው፣ በብረት ቁልፍ አንድ አንድ ጊዜ ጭረው አሳደሩት።

ጠዋት እብነበረዱ በሎሚው ደብዝዟል፣ ዘይቱንና ቀለሙን ጠጥቷል፣ ቁልፉም ቦይ አውጥቶበታል። ግራናይቱን ሎሚውም ቁልፉም አልነካውም፤ እንዲያውም የቁልፉ ብረት ነው ግራጫ መስመር ትቶ የሄደው፣ ሲታሽ ጠፋ። ዘይቱ ግን ጥቁር ነጥብ ሆኖ ገብቷል። እንዲህ ያለ ፈዛዛ ግራናይት ብዙውን ጊዜ ሲለር ይፈልጋል፤ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከጠቆረ ሲለሩ የለም ወይም አልቋል። ኳርትዙ ከፀጉር ቀለሙ ጥላ በቀር ንጹሕ ነበር፤ ወዲያው ቢጠረግ ያም ባልቀረ። ድክመቱ ሙቀት ነው፦ የተፈጨውን ድንጋይ አጣብቆ የያዘው ሬዚን የሚባል የፕላስቲክ ሙጫ ስለሆነ ፒያስትራ ግሎ ከተጋደመበት ቢጫ ምልክት ይቀራል፣ ያንን ቤት ውስጥ ወልውሎ መመለስም አስቸጋሪ ነው።

ሶሊድ ሰርፌሱ በመጀመሪያ እይታ የተሸነፈ ይመስላል፦ ቁልፉ ጭሮታል፣ ቀለሙም ታይቶበታል። ባለሙያው ምንም ሳይናገሩ 320 ብርጭቆ ወረቀት አውጥተው በክብ በክብ አሹት፣ ቀጥለው በ400፣ ከዚያ በአረንጓዴው የዕቃ ማጠቢያ ፎጣ። ጭረቱም ቀለሙም የለም። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አክሪሊክና የማዕድን ዱቄት ስለሆነ ሲታሽ ከስሩ የሚወጣው ያው ነው። ይህ የሚያምረው ግን ለማያብረቀርቅ ገጽና ለፈዛዛ ቀለም ነው፤ ጥቁርና አንጸባራቂ ከሆነ እያንዳንዱ ጭረት ይጮኻል። ሙቀት እሱም አይወድም፣ አሴቶንም ቶሎ ካልተጠረገ ይጎዳዋል። ለልጆቹ ፈዛዛ ግራጫ ሶሊድ ሰርፌስ ተመረጠ፣ ሳህኑም ከዚያው ስለተሠራ ሲሊኮን የሚሻ መጋጠሚያ የለውም። እብነበረዱ ሳይነሳ ከወላጆቹ ዘንድ ቀረ፤ የአረፋው ቆርቆሮም የፕላስቲክ ትሪ ተሰጠው።

ካውንተር ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ወይም «ይነሳ» የተባላችሁ፣ ከመስማማታችሁ በፊት እኚህን ሰው አሳዩአቸው። ሌላ ባለሙያ ካላችሁም «የተበላ ነው ወይስ የጠጣ? የቀዳዳውን ጠርዝ ሲለር ታጠጣለህ? ሲሊኮንህ ምን ዓይነት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲመልስ ታውቁታላችሁ። ፈቃዳቸውን ስለጠየቅሁ በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ስትደውሉ የድንጋዩን ፎቶ መብራት አጥፍታችሁ፣ ባትሪ በጎን አብርታችሁ አንሱ፤ ከፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ልካችሁ ከሆነ መልሰው ያስነሱአችኋል።