የዘይት ግፊት ጌጅ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ እኔን ያሳመነኝ የባቱ መንገድ ነው

ሱማሌ ተራ የገዛሁት ሜካኒካል የዘይት ግፊት ጌጅ ለወራት ዳሽቦርዱ ሥር ተቀምጦ የጓደኞቼ መሳቂያ ነበር። "መብራት እያለልህ ምን አስወጣህ?" ይሉኛል። አሁን ይሳቁ እስቲ!

ወደ ሐዋሳ ሰው ጭኜ መቂን አልፌ ወደ ባቱ ስቃረብ ቀዩ የዘይት መብራት ቦግ አለ። ዓይኔ ወደ ጌጁ ሮጠ፤ መርፌው 3 ባር ላይ ቆሟል። አንዱ ግፊት የለም ይላል፣ አንዱ አለ ይላል። እንዲህ ሲጣሉ መጀመሪያ ማጥፋት ነው። መብራቱ እውነቱን ከሆነ ብረት ከብረት ተፋጭቶ ሞተር ለመበላት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ዳር ይዤ አጠፋሁ።

"ልጄ፣ ተቃጠለ እንዴ?" አሉኝ ከኋላ የተቀመጡ እናት።

"አልተቃጠለም እማማ፣ ወረድ ብለው ንፋስ ይቀበሉ።"

ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጠብቄ መለኪያውን ጠርጌ ነከርኩት። ከላይኛው ምልክት ጥቂት ዝቅ ቢል እንጂ ደህና ነው። መኪናው ሥርም ጠብታ የለም። የግፊት ስዊቹን ሶኬት ስነቅለው ግን ውስጡ በዘይት ርሷል። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ከፈትኩ፤ መብራቱ ጠፍቷል። ሽቦው ቦዲ ነክቶ ቢሆን ኖሮ ሶኬቱ ተነቅሎም ይበራ ነበር። ሶኬቱን መልሼ አስነሳሁ። መርፌው ወዲያው ተነሳ፣ ሞተሩም አላንኳኳም፣ መብራቱ ግን እንደበራ ቀረ። የሞተው ስዊቹ ነው! መርፌውን እያየሁ ቀስ ብዬ ባቱ ገባሁ፤ እዚያ ስዊች አስቀየርኩ።

ጌጁ ባይኖር ምን አደርግ ነበር? የዘይቱ መጠን ልክ ሆኖ ፓምፑ ቢሞትም መብራቱ ያው ነው የሚበራው፤ ስለዚህ የሚጎትተኝ መኪና ፍለጋ እቆም ነበር፣ ተሳፋሪውም ገንዘቡን ይጠይቃል። "መብራቱ ይበቃል" የምትል የዕቃ መደብር ባለቤት ሆይ፣ መብራቱ እኮ የሚበራው ግፊቱ ግማሽ ባር አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ነገሩ አልቋል። ጌጁ ግን ሞተሩ ሞቆ መኪናው ቆሞ ሳለ ስንት እንደሚያነብ ያስለምድሃል። የኔ 1 ባር አካባቢ ነው። ከዚያ እየወረደ ከሄደ መብራቱን ሳትጠብቅ ጋራዥ ትገባለህ።

የሚያናድደኝ አብሮት የመጣው የፕላስቲክ ቱቦ ነው። የሜካኒካል ጌጅ ቱቦ ትኩስ ዘይት እስከ ዳሽቦርድ ድረስ ያመጣል፤ ቢሰነጠቅ ዘይቱ እግርህ ላይ ነው። ሻጩ "ችግር የለውም" ብሎኝ ነበር። ለሱ ምን ችግር አለው፣ የሚቃጠለው የኔ እግር! በመዳብ ቱቦ አስቀየርኩት፤ ቦዲውን በሚያልፍበት ቀዳዳም ብረቱ እንዳይቆርጠው ላስቲክ አስገባሁበት። ለቱቦው ሌላ ገንዘብ ቢያስወጣኝም ጌጁን አልሸጠውም። ባቱ ላይ የሚገዛ መጥቶ ነበር።