ለአሳ ቤቱ ዕጣ ብላችሁ ስልክ ቁጥራችሁን አትስጡ

የባሕር ዳር ሰዎች፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ዳር ወጣ የምትሉ፣ ይህችን ሳታነቡ አትለፉ። አንድ አሳ ቤት ሰሞኑን ከሂሳብ ጋር ካርድ ያመጣል። ስም፣ ስልክና የልደት ቀን ሙሉ፣ ለሁለት ሰው እራት ዕጣ ይወጣላችኋል ይላል። ከታች ደግሞ በደቃቅ ፊደል «መረጃዬን አጋር ድርጅቶች ለማስታወቂያ እንዲጠቀሙበት ተስማምቻለሁ» የሚል አለ፤ የ«እሺ» ምልክቱ ቀድሞ ታትሞበታል!

እህቴ ሞላችው። ብዙም ሳይቆይ ሰምታው የማታውቀው የቤት ሻጭ ማስታወቂያ ፌስቡኳን ሞላው። ማስታወቂያው ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታ «Why am I seeing this ad?» የሚለውን ስትከፍት፣ ሻጩ እሷ ያለችበትን የደንበኞች ዝርዝር እንደተጠቀመ አገኘች። አሳ ቤቱን ስንጠይቅ «ለአጋሮቻችን ሰጥተናል፣ ካርዱ ላይ ተጽፏል እኮ» አሉን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሻጩ የስልክ ቁጥሮቹን ዝርዝር ፌስቡክ ላይ ይጭናል፤ ፌስቡክም ከተመዘገቡ ሰዎች ቁጥር ጋር አመሳክሮ ማስታወቂያውን ለእነሱ ያደርሳል። «ቁጥሩ ተመስጥሮ ነው የሚላከው» ይሏችኋል፣ ውሸትም አይደለም። ግን አንድ ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምስጢር ነው የሚወጣው፣ ማመሳከር የተቻለውም በዚሁ ነው። ደግሞ በ09 የሚጀምሩ ቁጥሮች ሁሉ ቢደመሩ 100 ሚሊዮን ናቸው፤ ኮምፒውተር ሁሉንም በየተራ ሞክሮ የእናንተን ለማግኘት ብዙም አይፈጅበትም። በዚህ ላይ ፌስቡክ በዝርዝሩ ያሉትን ሰዎች መነሻ አድርጎ የሚመስሏቸውን ሌሎች ይፈልጋል። ለዚህ ከአንድ አገር 100 ሰው ይበቃዋል። እነዚያ ሰዎች ካርዱን በዓይናቸው እንኳ አላዩትም፣ ማን ጠየቃቸው?

እኔን የሚያናድደኝ ማስታወቂያው ብቻ አይደለም። ሰው የተስማማው ለዕጣው ነው። ዕጣው ውስጥ ለመግባት ቁጥሩ ለማያውቀው ሻጭ መተላለፉን አብሮ መቀበል ካለበት፣ ያ ፈቃድ አይባልም። ቀድሞ የታተመ ምልክትማ የማንም ፈቃድ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ፈቃድ በነፃነትና ለምን እንደሆነ ታውቆ የሚሰጥ መሆን እንዳለበት ይናገራል፤ የሰጣችሁትን ፈቃድ መልሳችሁ መውሰድም ትችላላችሁ።

ካርዱ ከመጣላችሁ ባዶውን መልሱት፣ አሳውን ማንም አይከለክላችሁም። አስቀድማችሁ ሞልታችሁ ከሆነ በዚያው በሦስቱ ነጥቦች ገብታችሁ የሻጩን ማስታወቂያዎች ደብቁ። ይህ ግን ከፊታችሁ ያጠፋላችኋል እንጂ ቁጥራችሁን ከዝርዝራቸው አያወጣውም። ስለዚህ ለአሳ ቤቱ «ፈቃዴን አንስቻለሁ፣ ቁጥሬን አጥፉ፣ ለማን ለማን እንደሰጣችሁም ንገሩኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ላኩና ኮፒውን ያዙ። ዝም ካሏችሁ አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ አቤቱታችሁን ከኮፒው ጋር ለእሱ አቅርቡ።