የተነካካ መኪና ላላችሁ፦ አንድ የኢንሹራንስ ወኪል ልጠቁማችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ላመሰግናቸው የሚገባ ሰው ስላሉ ነው። የኢንሹራንስ ወኪል ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው።

በቅርቡ የገዛሁት ያገለገለ መኪና በደንብ የተነካካ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ከቤንዚን ሌላ በቡታ ጋዝም እንዲሄድ የጋዝ ሲሊንደር አስገጥሞበታል፤ ቸርኬዎቹን በትልልቅ ቀይሯል፤ ጉልበት እንዲጨምር ብሎም ሞተሩን አስነክቷል። አንድ ሌላ ቢሮ መኪናውን ሳያይ በስልክ ብቻ ዋጋ ነግሮኝ ነበር። ጋሼ ግን «መጀመሪያ መኪናውን ልየው» አሉ።

እንደመጡ ኮፈኑን ሳይሆን የኋላ ሻንጣውን ነው ያስከፈቱኝ። የጋዝ ሲሊንደሩ የመለዋወጫ ጎማው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ጎንበስ ብለው ላዩ ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥርና የተሠራበትን ቀን በባትሪ አነበቡ። ከዚያ ከገጠመው ጋራዥ የተሰጠውን የምስክር ወረቀት ጠየቁኝና ቁጥሩን ከቁጥሩ ጋር አስተያዩ። ቀጥሎ ሊብሬው ላይ ነዳጅ የሚለውን ቦታ አዩ። አሁንም ቤንዚን ብቻ ነው የሚለው። «ይሄ ሳይስተካከል ውል አንፈርምም» አሉ። በእሳት ጊዜ ካሳ ገማቹ መጀመሪያ የሚያነሳው እነዚህን ወረቀቶች ነው አሉኝ።

ጋዝ አረቦኑን ሰማይ ያደርሰዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው እንደነገሩኝ ጋዝ የመኪናውን ጉልበት አይጨምርም፤ እንደውም ትንሽ ሊቀንሰው ይችላል። ስለዚህ ሙያው ባለው ሰው ከተገጠመና ምርመራው ካልተቋረጠ ብዙ ኩባንያዎች አረቦኑ ላይ እምብዛም አይጨምሩም። ፍርሃታቸው በዘፈቀደ የተገጠመ ጋዝ ነው። ሲሊንደሩ 80 በመቶ ላይ መሙላት እንዲያቆም የሚያደርግ ቫልቭ አለው፤ ሙቀት ሲመጣ ጋዙ የሚሰፋበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። ይህን ቫልቭ የሚነካካ ሰው አለ፤ ትንሽ ትርፍ ጋዝ ለማስገባት ብሎ! ጋሼ ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ይለዋወጣል።

ስለ ቸርኬ ብዙም አልተከራከርንም። ካልተመዘገበ፣ ሲሰረቅ ወይም ሲሰበር የሚከፈለው የፋብሪካው ቸርኬ ዋጋ ነው። ስለዚህ ከነደረሰኙ ለብቻው ከነዋጋው ውሉ ላይ አስገቡት፤ ሌባ የሚወደው ነገር ስለሆነ አረቦኑ ትንሽ ጨመረ። ጎማው ከፓራፋንጎው ወደ ውጭ አለመውጣቱንና መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር የትም አለመንካቱንም አዩ።

ዋናው ጉዳይ ሞተሩ ነበር። ከውጭ ምንም አይታይም፤ የተቀየረው ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው። እኔም «ካልታየ ማን ያውቃል?» አልኳቸው። ሳቁ። ከባድ አደጋ ሲደርስ ኩባንያው ኮምፒውተሩን ሊያስነብብ ይችላል አሉ፤ ከፋብሪካው ጋር አለመመሳሰሉም በዚያ ይታወቃል። «የቀድሞው ባለቤት ነው ያሠራው» ማለትም ብዙም አያድንም፤ እያወቅህ ፈርመሃልና።

ከዚያ በወረቀት ጻፉልኝ። ትክክለኛው አረቦን 100 ሆኖ ሳለ፣ ሞተሩ መነካቱን ባለመናገርህ 75 ከፈልክ እንበል። በብዙ አገር ሕግ ኩባንያው ካሳውንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የ40 ሺህ ጉዳት ቢደርስ 30 ሺህ ይከፍልሃል፤ 10 ሺው ከኪስህ ነው። ሆን ብለህ ደብቀሃል ከተባለ ደግሞ ውሉን እስከ ማፍረስ ይሄዳል። ለሦስተኛ ወገን ከፍሎ ገንዘቡን ከአንተ የሚጠይቅበት አገርም አለ።

ከዚያ ሁለት ዋጋ አመጡልኝ፤ አንዱ ሞተሩ እንዳለ፣ ሌላው ወደ ፋብሪካው ሶፍትዌር ቢመለስ። እንዳለ ሲሆን አረቦኑ ብቻ ሳይሆን በአደጋ ጊዜ ከራሴ የምከፍለው ድርሻም ይጨምራል። ፍሬኑ የተሠራው ለድሮው ጉልበት ነው፤ ስለዚህ ኩባንያው ቢጨምር አልፈርድበትም። አስመለስኩት። ጋራዡ የሰጠኝን ወረቀትም ፋይሉ ውስጥ አስገቡልኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ለአደጋ፣ ለእሳትና ለስርቆት ነው። በጋዙ ምክንያት የሞተሩ ቫልቭ ቢበላ ወይም ቱቦው አርጅቶ ቢያፈስ የራሳችሁ ወጪ ነው። ጋሼ ይህንን ከመፈረሜ በፊት ነው የነገሩኝ፤ ደንበኛ ላለማጣት ብለው አልደበቁም። ከልብ አመሰግናለሁ።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝና እልካለሁ። ስትደውሉላቸው ሊብሬውን፣ የጋዙን የምስክር ወረቀትና የቸርኬውን ደረሰኝ አጠገባችሁ አድርጉ። ወረቀት የሌለው ካለም ይደውል፤ ምን ማስመርመር እንዳለበት ይነግሩታል።