ሚቴን ከላሟ ሆድና ከባዮጋዝ ጉድጓዱ

ጅማ ያሉት ዘመዶቼ ጓሮ ላምና የባዮጋዝ ጉድጓድ ጎን ለጎን ናቸው። በሁለቱም ውስጥ የመጨረሻዎቹ ተመጋቢዎች የሚነደውን ጋዝ ሚቴንን የሚያመነጩ፣ አርኬያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። ባክቴሪያ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም።

ልዩነቱ ማዕዳቸው ነው። በላሟ ሆድ በዋናነት የሚጠቀሙት ሃይድሮጂንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ነው። ባክቴሪያዎች መኖውን ሲያብላሉ የሚወጣው አሴቲክ አሲድ፣ ያው የኮምጣጤው አሲድ፣ በጨጓራዋ ግድግዳ አልፎ ደሟ ውስጥ ይገባል። አንዱ ዋና የጉልበቷ ምንጭ እሱ ነው። አሲዱን የሚበሉት አርኬያዎች ደግሞ ለመራባት ቀናት ይፈጅባቸዋል፤ መኖው ግን ቶሎ ስለሚያልፍ አብረው ተጠርገው ይወጣሉ። ሚቴኑ በግሳት ይወጣል።

ጉድጓዱ አሲዱን የሚወስድለት ደም የለውም። እበቱ ግን 40 ቀንና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ስለዚህ ዘገምተኞቹ ይደርሳሉ። ከሚቴኑ ሁለት ሦስተኛ ገደማው የሚገኘውም ከዚሁ አሲድ ነው።

ችግሩም እዚሁ ጋ ነው። በቡና ለቀማ ወቅት ዘመዶቼ የእሸት ቡና ልጣጭ በአንዴ ጨመሩበት። ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን ቶሎ አሲድ አደረጉት፤ አርኬያዎቹ አልቻሉትም። ጋዙ ይመጣል፣ ምድጃው ግን አይቀጣጠልም። የሚወጣው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበራ! ዝቃጩም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸት ጀመር። መጨመሩን አቁመው፣ ደህና ከሚሠራ ጉድጓድ ዝቃጭ አምጥተው ቀላቀሉበት። እሳቱ የተመለሰው ከሳምንታት በኋላ ነው።