ይከፋፈልልኝ ወይስ ይቅርልኝ?

የግል ኮሌጅ ተማሪ ነሽ እንበል። የሴሚስተሩ ክፍያ 24,000 ብር ነው፤ አባትሽ ድንገት ታመው ሥራ አቁመዋል። ኮሌጁን ምን ትጠይቂያለሽ?

በየወሩ መክፈል፦ ዕዳው አይቀንስም፤ በየወሩ 6,000 ብር እየሆነ በአራት ወር ይከፈላል። ኮሌጁ ገንዘቡን ስለማያጣ እሺ ለማለት ይቀለዋል። ማመልከቻው ላይ ቀኑንና መጠኑን ቁልጭ አድርገሽ ጻፊ። “ሲመቸን እንከፍላለን” የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያድረው። ክፍተቱ ፈተና ሲደርስ ይመጣል፤ ቀሪ ያለበት ተማሪ እንዳይፈተን ሊደረግ ይችላል። “ቀሪው ሳያልቅም እንድፈተን” የሚለውን አብረሽ ጠይቂ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ተቀበዪ።

ከክፍያ ነጻ መሆን፦ ከተገኘማ እሰየው! ግን ውሳኔው ወደ በላይ አመራሮች ስለሚሄድ ይጓተታል፤ የምዝገባ ቀን ደግሞ አይጠብቅም። የሐኪም ማስረጃና የቀበሌ ደብዳቤ አያይዢ። ኮፒሽ ላይ መዝገብ ቤት ቀንና ማኅተም ያድርግበት፤ ያለዚያ “አልደረሰንም” ይመጣል።

አባትሽ ከወራት በኋላ ሥራ የሚመለሱ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል። ገቢው ጨርሶ ከቆመ ግን መከፋፈሉ ዕዳውን ከማራዘም አያልፍም፤ ነጻ መሆንን ጠይቂ። መሃል ላይ ካላችሁ ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ማቅረብ ይቻላል፦ ግማሹ ይቅርልኝ፣ ቀሪውን 12,000 በየወሩ 3,000 ልክፈል።